ግማሽ ሰዓት የማይመልሰው ጥያቄ፦ የፀጉር ቀለም የቅድመ ቅብ ሙከራ እና የማቃጠል፣ የማሳከክና የእብጠት ትርጉም

በጥቁር የፀጉር ቀለም ማሸጊያዎች ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በጥቃቅን ፊደላትና በውጭ ቋንቋ የተጻፈ አንድ ማሳሰቢያ ይገኛል። ቀለሙ ከመቀባቱ በፊት ጥቂቱ ከጆሮ ጀርባ ወይም በክንድ መታጠፊያ ላይ ተደርጎ 48 ሰዓት መጠበቅ እንዳለበት ይገልጻል። በተግባር ይህ ማሳሰቢያ ሲፈጸም እምብዛም አይታይም፤ ሲፈጸምም ብዙ ጊዜ ተሳስቶ ነው። ደንበኛዋ ፀጉር ቤት ገብታ ስትቀመጥ ፀጉር ሠሪዋ ከበጠበጠችው ቀለም ጥቂት በክንዷ ላይ ታደርጋለች፤ ሌላው ዝግጅት እስኪያልቅ ሃያ ወይም ሠላሳ ደቂቃ ያልፋል፤ «ያቃጥላል እንዴ?» ተብላ ስትጠየቅ «ኧረ ምንም የለም» ትላለች፤ ሥራውም ይቀጥላል። ሁለቱም ወገኖች ሙከራው ተደርጎ ውጤቱ ደኅና እንደ ሆነ ያምናሉ። ይሁን እንጂ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ለቆዳው የቀረበለት ጥያቄ በ48 ሰዓት ውስጥ ከሚቀርብለት ጥያቄ ጋር አንድ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ልዩነቱ ከምን እንደሚመነጭ ማስረዳትና፣ ከዚያ በመነሣት ማቃጠል፣ ማሳከክና እብጠት እያንዳንዳቸው በየትኛው ሰዓት ሲመጡ ምን እንደሚያመለክቱ ማሳየት ነው።

ፒፒዲ በፀጉርና በቆዳ ውስጥ

የነገሩ መነሻ ፓራፌኒሊንዳያሚን፣ በአጭሩ ፒፒዲ የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። ቀመሩ C₆H₄(NH₂)₂ ሲሆን፣ ስድስት ካርቦኖች ባሉት ቀለበት ሁለት ተቃራኒ ጫፎች ላይ ሁለት የአሚን ቡድኖች የተያያዙበት ትንሽ ሞለኪውል ነው። ለፀጉር ማቅለሚያነት የባለቤትነት መብት የተሰጠበት በፈረንሳይ በ1883 እ.ኤ.አ. ነበር፤ እስከ ዛሬም ለጥቁርና ለጥቁር ቡናማ ቀለም እሱን የሚተካከል እምብዛም አልተገኘም።

ፒፒዲ ራሱ ቀለም የለውም ማለት ይቻላል። ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ኦክሲዴሽን ይካሄድበትና ኪኖንዳይኢሚን ወደሚባል፣ ካገኘው ጋር ፈጥኖ ወደሚጣበቅ ሞለኪውል ይለወጣል። ይህ ሞለኪውል እንደ ሬዞርሲኖል ካሉ ሌሎች የቀለሙ አካላት ጋር ተያይዞ ትልልቅ ባለ ቀለም ሞለኪውሎችን ይፈጥራል። ትንሹ ሞለኪውል ወደ ፀጉሩ ዘንግ ውስጥ ሰርጎ ይገባል፤ ውስጥ ገብቶ ያደገው ግን ተመልሶ መውጣት ያቅተዋል። ቀለሙ በመታጠብ የማይለቀው ስለዚህ ነው።

ለፀጉር የሚበጀው ይኸው ጠባይ ለቆዳ አደገኛ ነው። ክብደታቸው ከ500 ዳልተን በታች የሆኑ ሞለኪውሎች በአጠቃላይ የቆዳን የላይኛ ሽፋን ሊያልፉ ይችላሉ፤ የፒፒዲ ክብደት ደግሞ 108 ዳልተን ብቻ ነው። ካለፈ በኋላ በመካከሉ የሚፈጠረው ፈጣን ሞለኪውል ከቀለሙ አካላት ይልቅ የቆዳውን ፕሮቲኖች ካገኘ ከእነሱ ጋር ይጣበቃል። የሰውነት መከላከያ ሥርዓት እንደ ባዕድ የሚያየው ፒፒዲን ለብቻው ሳይሆን ይህን የተለወጠ ፕሮቲን ነው። ቆዳ በበኩሉ መከላከያ የለውም ማለት አይደለም። በውስጡ ያለ አንድ ኢንዛይም በፒፒዲ ላይ የአሴቲል ቡድን እየጨመረ አለርጂ ወደማያስነሣ ቅርጽ ይለውጠዋል። ስለዚህ በቆዳ ውስጥ የሚካሄደው ነገር እሽቅድምድም ነው ቢባል ያስኬዳል፤ በጥቂት መጠን ሲመጣ ኢንዛይሙ ይቀድማል፣ መጠኑ ሲበዛ ደግሞ ይቀደማል።

ሦስት የተለያዩ ሰዓቶች

ቀለም የነካው ቆዳ ሊሰጥ የሚችለው ምላሽ ሦስት ዓይነት ነው፤ ሦስቱም በተለያየ ፍጥነት ይመጣሉ።

የመጀመሪያው ከአለርጂ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው የቀጥታ መቆጥቆጥ ነው። አሞኒያና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የማንንም ሰው ቆዳ፣ በተለይ የተጫረ ወይም የቆሰለ ቆዳን፣ ሊያቃጥሉ ይችላሉ። ይህ በደቂቃዎች ውስጥ ይጀምራል፤ ሲታጠብም አብዛኛውን ጊዜ ይበርዳል። ሁለተኛው ፀረ እንግዳ አካላት የሚመሩት ፈጣን አለርጂ ሲሆን፣ ሳማ እንደ ነካው ሰው ከደቂቃዎች እስከ አንድ ሰዓት ገደማ ባለው ጊዜ ውስጥ የሚያብጥ ሽፍታ ያወጣል። በፀጉር ቀለም ምክንያት ሲከሰት ብርቅ ነው፤ ሲከሰት ግን ለሕይወት ሊያሰጋ ይችላል።

ሦስተኛው፣ ማለትም ቲ ሕዋሳት የሚመሩት የዘገየ አለርጂ፣ የፒፒዲ ዋነኛ ችግር ነው። ይህ ምላሽ ሁለት ምዕራፎች አሉት። በመጀመሪያው ንክኪ በቆዳ ውስጥ ያሉ ላንገርሃንስ የሚባሉ ሕዋሳት የተለወጠውን ፕሮቲን አንሥተው በአቅራቢያው ወዳለ ንፍፊት ይወስዱታል፤ እዚያም እሱን የሚያውቁ ቲ ሕዋሳት ይራባሉ። ይህ ከ10 እስከ 14 ቀን ገደማ የሚወስድ ሲሆን፣ ሰውየው ብዙውን ጊዜ ምንም አይሰማውም። በሁለተኛው ንክኪ ግን ትዝታ የያዙት ሕዋሳት ተጠርተው ወደ ቆዳው መድረስ፣ እዚያም ሌሎች ሕዋሳትን መጥራት አለባቸው። ይህ ጉዞ ጊዜ ይፈልጋል፤ ማሳከኩና እብጠቱ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

በዚህ መሠረት በክንድ ላይ የተደረገ ቀለም ከሠላሳ ደቂቃ በኋላ ሲታይ የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ምላሽ ብቻ ሊያሳይ ይችላል። የፒፒዲ አለርጂ ያለበት ሰው ቆዳ በዚያ ሰዓት ፍጹም ጤነኛ መስሎ ይታያል። በግማሽ ሰዓት የተነበበ ሙከራ ደካማ ሙከራ ነው ማለት አይበቃም፤ የሌላ ነገር ሙከራ ነው።

ሙከራው ወደ ማሸጊያው እንዴት ገባ

በቆዳ ላይ አንድን ነገር ለጥፎ ምላሹን መጠበቅ እንደ ሕክምና ዘዴ የሚታወቀው ከ1895 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። በዚያ ዓመት ዮሴፍ ያዳሶን የተባለ የቆዳ ሐኪም በግራትስ ከተማ በተደረገ ጉባኤ ላይ፣ በሜርኩሪ ምክንያት ቆዳው የተቆጣ ሰው ሜርኩሪ በቆዳው ላይ ሲለጠፍበት ያው ቁጣ በዚያው ቦታ ላይ እንደሚታይ አቀረበ። ፓች ቴስት የሚባለው የልጥፍ ምርመራ መነሻ ይህ ነው።

በማሸጊያ ላይ የሚገኘው ማሳሰቢያ ግን የመጣው ከሐኪም ቤት ሳይሆን ከሕግ ነው። በ1930ዎቹ በአሜሪካ ላሽ ሉር በሚባል፣ ፒፒዲ በነበረበት የሽፋሽፍት ቀለም ምክንያት ሴቶች ዐይናቸው ታወረ፤ የሞተም ነበር። በ1938 የወጣው የምግብ፣ የመድኃኒትና የመዋቢያ ሕግ እንዲህ ዓይነት የሽፋሽፍትና የቅንድብ ቀለሞችን ሲከለክል፣ ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን የሚገኙ የፀጉር ቀለሞችን ግን በአንድ ሁኔታ አለፋቸው። ሁኔታውም ማሸጊያቸው ቆዳን ሊያስቆጣ እንደሚችል የሚያስጠነቅቅና አስቀድሞ ሙከራ እንዲደረግ የሚያዝ ጽሑፍ እንዲይዝ ነው። ይህ ታሪክ ሊዘነጋ አይገባም፤ ምክንያቱም የቤት ውስጥ ሙከራው እንደ ሕክምና መሣሪያ ተጠንቶ የተዘጋጀ ሳይሆን፣ ቀለሙ በገበያ ላይ እንዲቆይ የተቀመጠ ቅድመ ሁኔታ እንደ ነበረ ያሳያል። ከአምራች አምራች መመሪያው የሚለያየውም በከፊል ስለዚህ ነው። አንዱ ቀለሙ ከፐርኦክሳይዱ ጋር ሳይቀላቀል እንዲቀባ ያዛል፣ ሌላው ተቀላቅሎ፤ አንዱ ከጆሮ ጀርባ ይላል፣ ሌላው ክንድ ላይ።

አሠራሩና ንባቡ

መመሪያዎቹ ቢለያዩም የጋራ የሆነ ነገር አላቸው። ከጆሮ ጀርባ ወይም በክንድ መታጠፊያ ውስጥ ቁስል የሌለበት ቦታ ይመረጣል። ስፋቱ ከአንድ ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ቦታ ላይ በጥጥ ጫፍ ስስ ቅብ ይደረጋል፤ እንዲደርቅ ይተዋል፤ በፕላስተር አይሸፈንም። ቦታው ለ48 ሰዓት አይታጠብም። በ24 እና በ48 ሰዓት ይታያል፤ ታጥቦም እስከ 72 ሰዓት ድረስ መከታተሉ ይጠቅማል፣ አንዳንድ ሰው ዘግይቶ ምላሽ ይሰጣልና። ከውሃ ጋር ብቻ የሚበጠበጡት የዱቄት ቀለሞች ኦክሲዴሽን የሚያካሂደው ነገር በዱቄቱ ውስጥ ስላለ፣ ለሙከራው ጥቂት ዱቄት በጥቂት ውሃ ይበጠበጣል። ለሙከራ የዋለው ቀለምና በኋላ የሚቀባው አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ የአንዱ ምርት ሙከራ ለሌላው አይሠራም።

ከዚህ በፊት በፀጉር ቀለም ወይም በጥቁር ሂና ምክንያት ቆዳው ያበጠ፣ ውሃ የቋጠረ ወይም ያሳከከው ሰው ይህን ሙከራ በራሱ ማድረግ የለበትም። ጥያቄው ለእሱ አስቀድሞ ተመልሷል፤ ሙከራውም ራሱ ጠንካራ ቁጣ ሊያስነሣበት ይችላል።

ንባቡ ላይ አንድ ችግር አለ፤ በጥቁርና በጠይም ቆዳ ላይ ደግሞ ይጎላል። መመሪያዎቹ ሁሉ «መቅላት ካለ» ይላሉ። ነገር ግን ቀለሙ ራሱ ቆዳውን ስለሚያጠቁረው ከሥሩ ያለው መቅላት አይታይም፤ በጠይም ቆዳ ላይ የቁጣ ቀለም ራሱ ቀይ ከመሆን ይልቅ ወደ ወይን ጠጅነት ወይም ወደ ጥቁረት ያደላል። ስለዚህ ንባቡ ከዐይን ይልቅ በጣት ጫፍ መደረግ አለበት። ዐይን ጨፍኖ በጣት ሲዳሰስ የሙከራው ቦታ ከዙሪያው ቆዳ ከፍ ብሎና ጠጠር ብሎ ከተገኘ፣ ጥቃቅን ጉድፎች ካሉት፣ ወይም ቦታው ያለማቋረጥ የሚያሳክክ ከሆነ ቀለም ቢታይም ባይታይም ውጤቱ አዎንታዊ ነው። ጠፍጣፋ ሆኖ የጠቆረና የማያሳክክ ቦታ የቀለም ነጠብጣብ ብቻ ነው።

በሐኪም ዘንድ የሚደረገው የልጥፍ ምርመራ ከዚህ የሚለየው በስም ብቻ አይደለም። በዚያ ፒፒዲ በቫዝሊን ውስጥ በ1 በመቶ መጠን ይዘጋጃል፤ 8 ሚሊ ሜትር ስፋት ባላቸው ትንንሽ ሳህኖች ውስጥ 20 ሚሊ ግራም ያህል ተደርጎ በላይኛው ጀርባ ላይ ይለጠፋል፤ ለ48 ሰዓት ተሸፍኖ ይቆያል። ስሌቱን መሥራት ያስተምራል። 20 ሚሊ ግራም ቅባት በ1 በመቶ ሲሰላ 200 ማይክሮ ግራም ፒፒዲ ይይዛል፤ የሳህኑ ስፋት ግማሽ ካሬ ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ የሚያርፈው 400 ማይክሮ ግራም ያህል ነው። ለማነጻጸር፣ በአውሮፓ ኅብረት የተፈቀደው ከፍተኛ መጠን፣ ማለትም ከተቀላቀለ በኋላ 2 በመቶ ፒፒዲ ያለው ቀለም፣ በካሬ ሳንቲ ሜትር 4 ሚሊ ግራም ያህል በስሱ ቢቀባ የሚያደርሰው 80 ማይክሮ ግራም ነው፤ ያውም ሳይሸፈን። ለዘገየ አለርጂ ወሳኙ ነገር በአጠቃላይ የተቀባው መጠን ሳይሆን በአንድ የቆዳ ስፋት ላይ ያረፈው መጠን ስለሆነ፣ የስስ ቅብ ሙከራ ደካማ አለርጂ ያለበትን ሰው ሊያልፈው እንደሚችል ከዚህ ይታያል። የሐኪሙ ንባብም አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ልጥፉ በሚነሣበት በሁለተኛው ቀን፣ ከዚያም በሦስተኛው ወይም በአራተኛው፣ አንዳንድ ጊዜም በሰባተኛው ቀን ይነበባል።

ምልክቶቹን በሰዓታቸው ማንበብ

ማቃጠል ከሦስቱ ሁሉ ይበልጥ የሚያስደነግጠው ነው፤ ስለ ፒፒዲ ግን ከሁሉ ያነሰ የሚናገረው እሱ ነው። ቀለሙ በተቀባ በአምስት ወይም በአሥር ደቂቃ ውስጥ የሚጀምር፣ በተለይም በማበጠሪያ በተጫረ፣ ወይም በቅርብ ጊዜ በኬሚካል ፀጉር በተለሰለሰበት ቦታ ላይ የሚሰማ ማቃጠል ብዙውን ጊዜ የአሞኒያውና የፐርኦክሳይዱ ሥራ ነው። ይህ ማለት ግን ይታገሡታል ማለት አይደለም። ቀለሙ ወዲያው በብዙ ለብ ያለ ውሃ ይታጠባል፤ የተላጠ ወይም የቆሰለ ቆዳ ፒፒዲን ይበልጥ ያስገባልና። የሚያቃጥል ቀለምን «እስኪይዝ ድረስ» መታገሥ፣ ዛሬ አለርጂ የሌለበትን ሰው ለነገው አለርጂ ማዘጋጀት ሊሆን ይችላል።

ማሳከክ በሰዓቱ ትርጉሙ ይለወጣል። ቀለሙ ገና በራስ ላይ ሳለ የሚመጣ ቀላል ማሳከክ ከማቃጠሉ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን፣ ቀለሙ ታጥቦ ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ የሚነሣ ማሳከክ ግን የዘገየ አለርጂ የመጀመሪያው ድምፅ ነው። የሚጀምርበትም ቦታ ይናገራል፤ ከጆሮ ጀርባና ከጆሮ ጫፎች፣ ከማጅራት፣ ከግንባር የፀጉር ዳርቻ። የራስ ቆዳ ራሱ ወፍራም ስለሆነ ብዙ ቀለም ነክቶት እንኳ ከፊት ቆዳ ያነሰ ሊቆጣ ይችላል። ቀለሙ ሲታጠብ ውሃው የወረደበትን መስመር ተከትሎ በአንገትና በጉንጭ ላይ የሚታይ ሽፍታ ደግሞ ለሐኪሙ እንደ ካርታ ነው።

እብጠት በሁለት መልክ ይመጣል፤ ሁለቱን መለየት ለሕይወት ወሳኝ ሊሆን ይችላል። በደቂቃዎች ውስጥ ከንፈር፣ ምላስ ወይም ጉሮሮ ሲያብጥ፣ ሳማ የነካው የሚመስል ሽፍታ ሲወጣ፣ ድምፅ ሲጎረና፣ ትንፋሽ ሲያጥርና ሲያፏጭ፣ ወይም ሰውየው ሲዝለፈለፍ ይህ ፈጣኑ አለርጂ ነው። ቀለሙን ማጠብ ቢያስፈልግም አይበቃም፤ በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም መወሰድና በጭን ጡንቻ የሚወጋ አድሬናሊን ማግኘት ያስፈልጋል። በሁለተኛው መልክ ግን እብጠቱ የሚመጣው በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ነው። የዐይን ቆብ ቆዳ ስስና ልል ስለሆነ ፈሳሽ በቀላሉ ይጠራቀምበታል፤ አለርጂ ያለበት ሰው ጠዋት ሲነቃ ዐይኖቹ ሙሉ በሙሉ ተደፍነው ሊገኙ ይችላሉ፤ ግንባሩም ያብጣል። አስፈሪ መልክ ቢኖረውም ትንፋሽን የሚነካ አይደለም። ከፈጣኑ የሚለየውም እብጠቱ ውሃ ከቋጠሩ ጉድፎች፣ ከሚያዥ ቆዳና ከከባድ ማሳከክ ጋር መምጣቱ፣ ለቀናት መቆየቱ፣ በመጨረሻም ቆዳው እየተቀረፈ መዳኑ ነው።

በዚህ አጋጣሚ ከአለርጂ ጋር መደባለቅ የሌለበት ሦስተኛ እብጠትም አለ። በሱዳንና በሞሮኮ የሕክምና መዛግብት በብዛት እንደሚታየው ፒፒዲ የተዋጠ እንደ ሆነ ፊትና አንገት በሰዓታት ውስጥ ያብጣሉ፤ ጡንቻ ይፈርሳል፤ ኩላሊት ሥራውን ያቆማል። ይህ ማንንም የሚጎዳ መመረዝ ነው፤ ከዚህ በፊት አለርጂ መኖሩን አይጠይቅም።

አንድ ምሳሌ

የሚከተለው ታሪክ የአንድ የታወቀ ሰው አይደለም፤ በተደጋጋሚ የሚታዩ ሁነቶችን አሰባስቦ ለማብራሪያ የቀረበ ነው።

አንዲት የ46 ዓመት መምህርት ከሰባት ዓመት በፊት በድሬዳዋ በእኅቷ ሠርግ ላይ እጇን ጥቁር ሂና ተቀብታ ነበር። በአሥረኛው ቀን ገደማ የሥዕሉ መስመሮች ተነሥተው ያሳክኳት ጀመር፤ በቅባት ታከመች፤ ቦታው ጠቁሮ ከርሞ ጠፋ። ተፈጥሮአዊው ሂና ከቅጠል የሚገኝ ሆኖ ብርቱካናማና ቡናማ ቀለም የሚሰጥ፣ ለመያዝም ሰዓታት የሚፈልግ ነው፤ እንደ እንሶስላ ሁሉ የዕፅዋት ቀለም ነው። በአጭር ጊዜ ድቅድቅ ጥቁር የሚሆነው «ጥቁር ሂና» ግን ብዙውን ጊዜ ፒፒዲ የተጨመረበት ነው፤ በተለያዩ አገሮች ተመርምረው መጠኑ ከ15 በመቶ በላይ ሆኖ የተገኘባቸውም አሉ። የመምህርቷ ሰውነት ከፒፒዲ ጋር የተዋወቀው በዚያ ሠርግ ነው። እሷ ግን ሂናና የፀጉር ቀለም የሚገናኙ ስላልመሰላት ነገሩን ረሳችው።

ሽበቷ ሲበዛ አንድ ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ፀጉር ቤት ሄደች። ፀጉር ሠሪዋ ጥንቁቅ ነበረች፤ ጥቂት ቀለም በክንዷ መታጠፊያ ላይ አድርጋ ሃያ ደቂቃ ጠበቀች። «አቃጠልዎት እንዴ፣ እትዬ?» ስትላት ምንም አልነበረም፤ ቦታው ተጠረገ። ከዚያ ራሷ ላይ ሲቀባ በማጅራቷ በኩል፣ ማበጠሪያ የጫራት ቦታ ላይ፣ በአምስተኛው ደቂቃ ማቃጠል ተሰማት፤ ከታጠበች በኋላ ጠፋ። ያ የመቆጥቆጥ ምላሽ ነበር፤ ሁለቱም ያ ማቃጠል ማለፉን እንደ ጥሩ ምልክት ወሰዱት።

እሑድ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ፣ ማለትም ከ30 ሰዓት ያህል በኋላ፣ ከጆሮዎቿ ጀርባ ማሳከክ ጀመረ። በዚያው ሰዓት ሌላ ነገርም አስተዋለች፤ ቅዳሜ የተጠረገችው የክንዷ ቦታ ተነሥታ ታሳክካለች። ሙከራው በእርግጥ ሠርቶ ነበር፤ መልሱ የደረሰው ግን ጥያቄው ከተዘጋ በኋላ ነው። ሰኞ ጠዋት ዐይኖቿ ተደፍነው፣ የፀጉሯ ዳርቻ እያዠ ነቃች። በመጀመሪያ የሄደችበት ጤና ጣቢያ የምግብ አለርጂ መስሎ የአንቲሂስታሚን መርፌ ተሰጣት፤ ማክሰኞ ለውጥ አልነበረም። አንቲሂስታሚን የሚያግደው ሂስታሚንን ነው፤ በዘገየው አለርጂ ግን ሥራውን የሚሠሩት ቲ ሕዋሳት ናቸው። ወደ ቆዳ ክፍል ስትላክ ሐኪሙ የክንዷን ቦታ አይቶ፣ የሰዓቱን ቅደም ተከተል ሰምቶ፣ ትንፋሿና ምላሷ ደኅና መሆናቸውን አረጋግጦ ለይቶ አወቀው። ፀጉሯ በሚገባ ታጠበ፤ የስቴሮይድ ቅባትና በሐኪም ክትትል የሚወሰድ የአጭር ጊዜ ፕሬድኒሶሎን ታዘዘላት። ቆዳዋ ተቀርፎ ዳነ።

የልጥፍ ምርመራው የተደረገው መድኃኒቱ ካለቀና ቆዳዋ ከረጋ ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ፕሬድኒሶሎን የሚወስድ ሰው ወይም በሚለጠፍበት ቦታ ላይ የስቴሮይድ ቅባት የሚቀባ ሰው አለርጂ እያለበት ምርመራው የለም ሊል ይችላል። ታሪኳ ከባድ ስለነበር ሐኪሙ ከተለመደው 1 በመቶ ሳይሆን ከቀጠነ መጠን ጀመረ። በሁለተኛው ቀን ጠጠር ያለ እብጠት፣ በአራተኛው ቀን ጥቃቅን ውሃ የቋጠሩ ጉድፎች ታዩ፤ በምርመራው አነባብ ሁለት የመደመር ምልክት የሚሰጠው ነው።

ሙከራው የማይመልሰው

የ48 ሰዓቱ ሙከራ በትክክል ቢደረግም ገደብ አለው፤ በባለሙያዎች መካከልም ክርክር አስነሥቷል። ጠንካራ አለርጂ እንዳለባቸው አስቀድሞ በተረጋገጡ ሰዎች ላይ የፀጉር ቀለም ከጆሮ ጀርባ ተቀብቶ ለ48 ሰዓት ሲቆይ ምላሽ እንደሚሰጥ ታይቷል፤ ሙከራውን የሚደግፉት ይህን ያነሣሉ። በሌላ በኩል የአውሮፓ ኅብረት የሸማቾች ምርቶች ሳይንሳዊ ኮሚቴ በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጣው አስተያየት ሙከራው አሳሳች ሊሆን እንደሚችል ገልጿል። ስጋቶቹ በዋናነት ሁለት ናቸው። አለርጂ ያለበት ሰው «የለብህም» ተብሎ በሐሰት መተማመን ሊቀባ ይችላል፤ ሙከራውም ራሱ በተደጋገመ ቁጥር አለርጂ ያልነበረበትን ሰው ከንጥረ ነገሩ ጋር ሊያስተዋውቀው ይችላል። በሐኪም የሚደረገው ምርመራም ቢሆን ከዚህ ሁለተኛ ስጋት ነጻ አይደለም። ንጹሕ የነበረ የልጥፍ ቦታ ከአሥር ቀን በኋላ ዘግይቶ ቢነሣ ምርመራው አለርጂውን እንዳስጀመረ ያስጠረጥራል።

ሁለቱ አቋሞች የሚጋጩ ቢመስሉም የሚናገሩት ስለ ተለያዩ ሰዎች ነው። ሙከራው ጠንካራ አለርጂ ያለበትንና የማያውቀውን ሰው ከተደፈነ ዐይን ሊያድን ይችላል፤ ደካማ አለርጂ ያለበትን ሰው ግን ሊያልፈው ይችላል፤ ገና ያልተዋወቀውን ሰው የወደፊት ዕጣ ደግሞ ጨርሶ አይነግርም። ስለዚህ አዎንታዊ ውጤት ያለ ማመንታት ይታመናል፤ አሉታዊ ውጤት የሚሠራው ለዚያ ምርትና ለዚያ ጊዜ ብቻ ነው። ለዓመታት ሲቀባ ምንም ያልሆነ ሰው በአሥራ አምስተኛው ጊዜ ሊያብጥ የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው። ሙከራው ከመደረጉ በፊት ግን ከሙከራው የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለ፤ ፀጉር ሠሪዋ ያንን ጠይቃ ቢሆን ኖሮ መምህርቷ ክንዷ ላይ ቀለም ማድረግም ባላስፈለጋት ነበር። ጥያቄው «ከዚህ በፊት ጥቁር ሂና ወይም የፀጉር ቀለም አሳክኮዎት ያውቃል?» የሚል ነው።

አለርጂው ከተረጋገጠ በኋላ የሚነሣው ጉዳይ ምን ይቀባል የሚለው ነው። ቶሉዊን 2፣5 ዳያሚን የሚባለው ምትክ ከፒፒዲ ጋር በቅርጽ ስለሚቀራረብ ለፒፒዲ አለርጂ ካለባቸው ብዙዎቹን ያስቆጣል፤ ማሸጊያው «ከፒፒዲ ነጻ» ማለቱ ብቻ ዋስትና አይደለም፤ «አሞኒያ የሌለበት» ማለቱም ስለ ፒፒዲ ምንም አይናገርም። በቅርጽ የሚቀራረቡ ነገሮች በሌላም ቦታ ይገኛሉ፦ እንደ ቤንዞኬይን ባሉ በቆዳ ላይ የሚቀቡ ማደንዘዣዎች፣ በአንዳንድ የጨርቅ ማቅለሚያዎች፣ በጥቁር ላስቲክ ውስጥ። ለመምህርቷ በምርመራው መጨረሻ የተሰጣት ወረቀት የፒፒዲንና የእነዚህን ስሞች በማሸጊያ ላይ እንደሚጻፉት ዘርዝሮ የያዘ ሲሆን፣ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ስትሄድም እንድታሳየው ተነግሯታል።